ጤፍ ሲወደድ ሩዝ ምን ይሆናል? ክሮስ ኤላስቲሲቲን ከወፍጮ ቤት ደብተር ማንበብ

በዚህ ዙር የደረስነው ተተኪና ተጓዳኝ ዕቃዎች ላይ ነው። ትርጉሙን መያዝ ከባድ አይደለም፦ የአንዱ ዋጋ ሲጨምር የሌላው ፍላጎት ከጨመረ ተተኪ ናቸው፤ ከቀነሰ ተጓዳኝ ናቸው። ቡናና ሻይ፣ መኪናና ቤንዚን እያሉ መደርደርም ቀላል ነው። የሚያስቸግረው የሽያጭ ደብተር ከፍቶ፣ ከተጻፈው ቁጥር ተነስቶ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ነው። ስለዚህ ብዙ ምሳሌ ከማግበስበስ አንዱን፣ ጤፍንና ሩዝን፣ ጠለቅ ብለን እንየው።

ጥያቄውን ለጀማሪ ስታቀርቡለት አብዛኛውን ጊዜ "ለእንጀራ አብረው ይፈጫሉ፤ ስለዚህ ተጓዳኝ ናቸው" ይላችኋል። መልሱ የዋዛ አይደለም፤ ግማሽ እውነት አለው። ግን አብሮ መቀላቀል መለኪያ አይደለም። መለኪያው የጤፍ ዋጋ ሲነቃነቅ የሩዝ ፍላጎት ወዴት እንደሚሄድ ነው። ያ ደግሞ ገዢው መጠኑን መቀያየር በመቻሉና ባለመቻሉ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አንድ ወፍጮ ቤት የሚያስፈጩ 40 ቤተሰቦች አሉ እንበል። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። 30ዎቹ ንጹሕ ጤፍ ያስፈጫሉ፤ እያንዳንዳቸው በወር 24 ኪሎ። የቀሩት 10 ሁለት እጅ ጤፍና አንድ እጅ ሩዝ፣ ማለትም 16 ኪሎ ጤፍና 8 ኪሎ ሩዝ ያስፈጫሉ። ድምሩ 880 ኪሎ ጤፍና 80 ኪሎ ሩዝ ነው። አሁን የጤፍ ኪሎ ከ120 ብር ወደ 150 ብር ወጣ፤ የሩዝ ዋጋ ባለበት ቆመ።

ከ30ዎቹ ንጹሕ ጤፍ አስፈጪዎች 20ዎቹ አልተነቃነቁም። 10ሩ ግን መቀላቀል ጀመሩ። ለጀማሪ ደግሞ ሦስት ለአንድ ይሻላልና 18 ኪሎ ጤፍ በ6 ኪሎ ሩዝ አደረጉ። ቀድሞ ሲቀላቅሉ የነበሩት 10 ቤተሰቦችስ? እነሱ የሩዙን ድርሻ ከዚህ በላይ መጨመር አይችሉም። ሩዝ የበዛበት እንጀራ ሲጋገር ነጣ ብሎ ያምራል፤ ውሎ ሲያድር ግን ይደርቃል፣ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል፣ ወጥ ሲነካው ይፈራርሳል። ለሁለትና ሦስት ቀን ጋግሮ ለሚያስቀምጥ ቤት ይህ ከብሩ በላይ ያስጨንቃል። ስለዚህ የቀራቸው መንገድ ጠቅላላውን መቀነስ ነው፦ 15 ኪሎ ጤፍና 7 ኪሎ ተኩል ሩዝ።

አዲሱን ድምር እንሥራ። ጤፍ፦ 480 ካልተነቃነቁት፣ 180 ከአዲሶቹ ቀላቃዮች፣ 150 ከነባሮቹ፤ ጠቅላላ 810 ኪሎ። ሩዝ፦ 60 ከአዲሶቹ፣ 75 ከነባሮቹ፤ ጠቅላላ 135 ኪሎ።

ክሮስ ኤላስቲሲቲ የአንዱ ዕቃ ዋጋ በመቶኛ ሲለወጥ የሌላው ፍላጎት በመቶኛ ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚለካ ቁጥር ነው። ሲሰላም ለውጡ የሚካፈለው ለመነሻው ሳይሆን ለመነሻውና ለመድረሻው አማካይ ነው። ይህ ካልተደረገ ዋጋው ሲወጣና ያው ዋጋ ተመልሶ ሲወርድ ሁለት የተለያየ መልስ ይመጣል። በቀመሩ ውስጥ Q መጠን፣ P ዋጋ፣ Δ ደግሞ ለውጥ ነው።

```
E = (ΔQ_ሩዝ / አማካይ Q_ሩዝ) ÷ (ΔP_ጤፍ / አማካይ P_ጤፍ)

ΔQ: 55 / 107.5 = 0.512
ΔP: 30 / 135   = 0.222
E  = 0.512 / 0.222 ≈ +2.3
```

ምልክቱ ፖዘቲቭ ነው፤ በዚህ ወፍጮ ቤት ሩዝ የጤፍ ተተኪ ነው። አሁን ግን ያንኑ ስሌት ለነባሮቹ ቀላቃዮች ብቻ ለይታችሁ ሥሩት። ሩዛቸው ከ80 ወደ 75 ኪሎ ወረደ፤ ለውጡ ከአማካዩ 6.5 በመቶ ገደማ ነው። በ22.2 በመቶ ሲካፈል ከዜሮ በታች 0.3 አካባቢ ይመጣል። ለእነዚህ ቤቶች ሩዝ የጤፍ ተጓዳኝ ነው! ያው ሩዝ፣ ያው ጤፍ፣ ያው ወፍጮ፤ ምልክቱ የተገለበጠው ነባሮቹ መጠኑ የተቆለፈ ድብልቅ ስለሚያስፈጩ፣ አዲሶቹ ግን ገና የሚለዋውጡት ቦታ ስላላቸው ነው። ያ ጀማሪ ግማሽ እውነት አለው ያልነው ለዚህ ነው። "ተተኪ" የሚለው የዕቃው ባሕርይ ተደርጎ ይጻፋል እንጂ በእርግጥ የሚናገረው በገዢዎቹ መካከል የትኛው ወገን እንደሚበዛ ነው። ጤፍ እየተወደደ ቀላቃዩ ሁሉ ወሰኑ ላይ ሲደርስ፣ ቀጣዩ ጭማሪ ሩዝን መግፋቱን ትቶ ይዞት መውረድ ይጀምራል። ባለፈው ዓመት የተሰላ ቁጥር ዘንድሮ ላይሠራ የሚችልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

2.3 ትልቅ ቁጥር ነው። ከመደነቅ በፊት ግን የሩዙ መነሻ 80 ኪሎ ብቻ እንደነበር አስቡ። ትንሽ ገበያ ላይ ትንሽ ኪሎ ሲጨመር በመቶኛ ብዙ ይመስላል። በተቃራኒው የጤፉ ፍላጎት የወረደው 70 ኪሎ ነው፤ ከአማካዩ 8.3 በመቶ። በራሱ ዋጋ ሲለካ የጤፍ ኤላስቲሲቲ 0.37 ገደማ ብቻ ነው፣ በኔጋቲቭ። ሩዝ ይህን ያህል "ጠንካራ ተተኪ" ሆኖ ሳለ ጤፍ ገዢ ብዙም አልሸሸም ማለት ነው። ሁለቱ አይጋጩም።

መንገዱን ብትገለብጡትም መልሱ አንድ አይሆንም። ጤፍ 120 ብር ላይ ቆሞ የሩዝ ዋጋ፣ እንደ ጤፉ ከአማካዩ ሲለካ፣ በ22.2 በመቶ ይጨምር። የመጨረሻውን ጽንፍ እንውሰድና ነባሮቹ 10 ቀላቃዮች ሁሉ ሩዝን ጨርሰው ትተው ወደ ንጹሕ ጤፍ ይመለሱ። ጤፍ ከ880 ወደ 960 ኪሎ ይወጣል፤ 8.7 በመቶ። ክሮስ ኤላስቲሲቲው ከ0.4 አያልፍም። ስለዚህ አንድ ነጠላ ቁጥር ይዞ "የጤፍና የሩዝ ክሮስ ኤላስቲሲቲ ይህ ነው" ማለት ጎደሎ ነው፤ የማን ዋጋ ተነቃንቆ የማን ፍላጎት እንደተለካ አብሮ መጻፍ አለበት።

እስካሁን የሩዝ ዋጋ ቆሟል ብለናል። ገበያ ግን እንዲህ አይታገሥም። የፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚታጨደው በወቅቱ ነው፤ በመሃል ፍላጎት ቢጨምር በአንድ ወር ውስጥ ተጨማሪ ምርት አይመጣም። ስለዚህ ጤፍ ሲወደድ የሩዝ የፍላጎት መስመር ወደ ቀኝ ይገፋል፣ ማለትም በዚያው ዋጋ የሚፈለገው ሩዝ ይጨምራል፣ ከዚያ የሩዝ ዋጋም ይከተላል፣ ያ ደግሞ መቀላቀል ሊጀምሩ ከነበሩት ጥቂቱን ያስቀራል። ደብተሩ ላይ 135 ኪሎ በማየት ፈንታ 115 ታዩ ይሆናል። ከዚያ የሚሰላው ከእውነተኛው ያነሰ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የሁለቱም ዋጋ በተከታታይ ሳምንታት ከተነሣ፣ የሩዝ ዋጋ ከመነሣቱ በፊት ያሉትን ሳምንታት ብቻ ለይታችሁ አስሉ።

አሁን ተጓዳኝ ወደሚመስል ሌላ ዕቃ፣ ወደ ቅቤ እንለፍ። ጤፍ በተወደደበት ወር የቅቤ ሽያጭም ወርዶ ይገኛል፤ ቀመሩ ውስጥ ብታስገቡት ኔጋቲቭ ይመጣል። ታዲያ ቅቤ የጤፍ ተጓዳኝ ነው? ንጹሕ ጤፍ የሚያስፈጨው ቤት ለ24 ኪሎ 2,880 ብር ያወጣ ነበር፤ አሁን 3,600 ይከፍላል። 720 ብር ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፤ የሚመጣውም ሊቆይ ከሚችለው ነገር ነው፤ ከቅቤ፣ ከሥጋ፣ ከልብስ። ይህ የገቢ ውጤት ነው፤ ከወጡ አሠራር ጋር ምንም አያገናኘውም። ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ለቤተሰቡ 720 ብሩ ቢመለስለት ቅቤውን ይተወዋል? አይተወውም፤ ቅቤው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሩዙ ግን ብሩ ቢመለስም እንኳ ጤፉ ከሩዝ አንጻር ውድ ሆኖ ስለሚቀር ከፊሉ ይቆያል። ሌላው መፈተሻ ጤፍ ሻጩ ገበሬ ነው። የጤፍ መወደድ ኪሱን ስለሚሞላለት እሱ ቤት የቅቤ ፍጆታ ሊጨምር ይችላል። ለሸማቹ የሚወርደው ነገር ለሻጩ ከወጣ፣ እያያችሁ ያላችሁት ገቢን ነው።

እውነተኛ ተጓዳኝ ማየት ከተፈለገ ስኳርና ሻይ ይሻላሉ። እዚህም ጥንካሬው የሚወሰነው በወጪ ድርሻ ነው። ለአንድ ብርጭቆ 10 ግራም ስኳር ብንይዝ አንድ ኪሎ ለ100 ብርጭቆ ይበቃል። ስኳር ከ100 ወደ 140 ብር ሲወጣ በብርጭቆ የሚጨመረው 40 ሳንቲም ነው። ሻይ ቤት ውስጥ ብርጭቆው በ15 ብር ከተሸጠ ማንም ልብ አይለውም፤ የሻይ ቅጠል ፍላጎትም እዚያ አይነቃነቅም። ቤት ውስጥ ግን የኪራይም የአስተናጋጅም ወጪ ስለሌለ ስኳሩ ከሻዩ ወጪ ትልቅ ድርሻ ይይዛል፤ ጭማሪው ይሰማል፣ ቅጠሉም አብሮ ይቀንሳል። የሻይ ቅጠል ሽያጭን ስትመዘግቡ የሻይ ቤቶችን ግዢ ከቤተሰብ ግዢ ካልለያችሁ ሁለቱ ተደባልቀው ምንም የማይናገር ቁጥር ይወጣል።

ምዝገባ ላይ ደጋግሞ የሚያበላሹ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው አጠቃላይ የዋጋ ንረት ነው። ጤፍ ከ120 ወደ 150 ሲወጣ 25 በመቶ ጨመረ እንላለን፤ ነገር ግን በዚያው ጊዜ ሌላው ሁሉ 20 በመቶ ከጨመረ 150ውን ለ1.2 ስናካፍል 125 ብር ነው። ከሌሎች ዕቃዎች አንጻር ጤፍ የተወደደው 4 በመቶ ብቻ ነው፤ በዚህ መጠን ማንም ወደ ሩዝ አይሮጥም። ሁለተኛው ጾም ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የቅቤና የሥጋ ሽያጭ የሚወርደው በማንም ዋጋ ምክንያት አይደለም። የጾምን ወር ከፍስክ ወር ጋር ሳይሆን ከአምናው ጾም ጋር አስተያዩ።

ሦስተኛው እጥረት ነው፤ ብዙ ደብተር ያበላሸውም እሱ ነው። ስኳር ከሸማቾች ሱቅ ሲጠፋ በሱቁ ደብተር የተጻፈው ዋጋ አይለወጥም፤ የሻይ ቅጠል ሽያጭ ግን ይወርዳል። በቀመሩ መሠረት የዋጋው ለውጥ ዜሮ ስለሆነ መካፈልም አይቻልም። ከዚህም በላይ ስኳሩ ላይ የተመዘገበው የተሸጠው መጠን እንጂ የተፈለገው አይደለም፤ ሰው ቢጠይቅም አላገኘም። ስለዚህ ከቀን፣ ከዋጋና ከኪሎ ዓምዶች ጎን "ዕቃው ነበረ ወይስ አልነበረም" የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ "አልነበረም" የተባለባቸውን ቀኖች ከስሌቱ አውጡ። እንዲያ ያሉ ቀኖች ከወሩ ሲሶ በላይ ከሆኑ የዚያን ወር ክሮስ ኤላስቲሲቲ አለማስላቱ ይሻላል።