«ቢኖር ይመረጣል» የሚለውን ለማንበብ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ

ለጥምቀት ደብረ ማርቆስ ገብቼ በነበረበት ሳምንት፣ እናቴ ቤት ቡና እየተፈላ ሳለ የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። በአካውንቲንግ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እንግሊዝ አገር ያለ አንድ ሆስፒታል ያወጣውን የሥራ ማስታወቂያ አሳየኝና፣ «እትዬ፣ ይህ ለእኔ የተጻፈ መስሎኝ ነበር። ግን ኤኤቲ የሚባል የሒሳብ ሠራተኞች ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ተውኩት» አለኝ።

ስኒው እጄ ላይ ቀረ። ያቺ ሦስት ፊደል እኔንም ሁለት ዓመት አስከፍላኛለች።

ቡና የሚጠጡት ጎረቤቶች ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቁኝ፦ «አገሩ ሥራ የሞላበት ነው ይባላል፤ አንቺ የተማርሽ ሆነሽ ስለምን መጥረጊያ ይዘሽ ቆየሽ?» ጥያቄው ክፋት የለውም። መልሱ ግን ለእናቴም ነግሬያት የማላውቅ ነው። ሥራ አጥቼ አልነበረም። ማስታወቂያ ማንበብ አለመቻሌ ነበር።

እኛ ማስታወቂያ ማንበብ የተማርነው ከሰሌዳ ላይ ነው። ተመርቄ ጎጃም ውስጥ ሥራ በምፈልግበት ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ፊት ቆሜ፣ በኩር ጋዜጣን ገልጬ፣ ተፈላጊ ችሎታ የሚለውን ዓምድ በጣቴ እየተከተልኩ አነብ ነበር። አንድ ጊዜ «አራት ዓመት አግባብ ያለው የሥራ ልምድ» የሚል መደብ ወጣና ሦስት ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ይዤ ሄድኩ። መዝጋቢው ወራቱን በጣቱ ቆጠረና ወረቀቴን በመስኮቱ መለሰልኝ። አልተጣላሁትም፤ ሕጉ ያ ነው። አንድ ወር የጎደለው ሰው አላሟላም ማለት ነው። እንዲህ ያደገ ሰው ማስታወቂያ ላይ የሰፈረውን ቃል ሁሉ እንደ አዋጅ ያነባል። ይህን የንባብ ልማድ ነው ከሻንጣዬ ጋር ይዤ የወጣሁት።

እንግሊዝ አገር የመጀመሪያ ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ ጽዳት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት በዚያው ሆስፒታል የሒሳብ ክፍል ረዳት ተፈለገ። ማስታወቂያው ሠራተኞች ምሳ ከሚበሉበት ክፍል በር ላይ ተለጥፎ ነበር። በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ስድስት ዓመት ደረሰኝና ክፍያ ሠርቻለሁ፤ ልቤ ዘለለ። ዝቅ ብዬ ሳነብ ኤኤቲ፣ ሰምቼው የማላውቅ የሒሳብ ሶፍትዌርና በሆስፒታል ሒሳብ ክፍል የመሥራት ልምድ ይላል። ወረቀቱን ትቼ ወደ ባልዲዬ ተመለስኩ። በሁለተኛው ዓመት ያው መደብ እንደገና ወጣ፤ አሁንም ዘለልኩት።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ምሽት የሒሳብ ክፍሉን ላጸዳ ስገባ፣ ከእኔ ጋር ኮሪደር ትጠርግ የነበረች ጋናዊት ባልደረባዬ ወንበር ላይ ተቀምጣ ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች። ቆሻሻ መጣያዋ ጠረጴዛዋ ሥር ነበር። ጎንበስ ብዬ አንስቼ ገለበጥኩት። እሷም ደንግጣ ተነሣችና «አንቺ ለምን አላመለከትሽም? ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ ብለሽኝ አልነበረም?» አለችኝ። ኤኤቲ የለኝም አልኳት። «እኔስ መች አለኝ?» አለች። አገሯ ሳለች የአንድ ሱቅ ሒሳብ ለሦስት ዓመት ይዛለች፤ ያላት ያ ብቻ ነው። መጣያውን መልሼ አስቀመጥኩላትና አመሰገነችኝ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጽዳት አያሳፍርም፤ እናቴን የረዳሁት በጽዳት ደመወዝ ነው። ያሳፈረኝ ማንም ሳይከለክለኝ ራሴን በር ላይ ማስቀረቴ ነው።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ይዛኝ ተቀመጠችና እኔ ሁለቱንም ጊዜ ከፍቼ ያላየሁትን አሳየችኝ። የእንግሊዝ የመንግሥት ሆስፒታሎች፣ ማዘጋጃ ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ማስታወቂያ ሲያወጡ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰነድ ያያይዛሉ። በር ላይ የተለጠፈው ማጠቃለያ ሁሉንም ነገር ደበላልቆ ይጽፋል፤ የተያያዘው ሰነድ ግን ተፈላጊውን ሰው በሠንጠረዥ ለይቶ ያስቀምጣል። አንዱ ዓምድ ኤሴንሻል ይባላል፤ የግድ ማለት ነው። ሌላው ዲዛየረብል ይባላል፤ ቢኖር ይመረጣል ማለት ነው። በየመስመሩ ጎን ደግሞ መስፈርቱ በማመልከቻው፣ በቃለ መጠይቅ ወይስ በፈተና እንደሚመዘን የሚጠቁም ምልክት ይኖራል።

የግድ በሚለው ዓምድ ሥር የነበሩት የእንግሊዝኛና የሒሳብ ትምህርት በአገሩ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪዎች ፈተና ደረጃ ወይም ተመጣጣኙ፣ የሒሳብ ቢሮ ልምድና ኤክሴል ነበሩ። ሦስቱም ነበሩኝ። «ወይም ተመጣጣኙ» የምትለዋ ሐረግ በተለይ ከሌላ አገር ለመጣ ሰው የተከፈተች በር ናት፤ እኔ ግን አልፌያት ነበር። ኤኤቲ፣ ሶፍትዌሩና የሆስፒታል ልምዱ በሌላው ዓምድ ነው የተቀመጡት። መራጮቹ ማመልከቻ ሲለዩ መጀመሪያ የሚያዩት የግድ የሆኑት በአንድ በአንድ መኖራቸውን ነው። ቢኖር የሚመረጠው ሚዛን የሚደፋው ብዙ አመልካች የግዱን ሲያሟላ ነው። ለዚያ መደብ ካመለከቱት መካከል ኤኤቲ የነበረው እንዳልተገኘ ባልደረባዬ ከኃላፊዋ ሰምታለች።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ስሕተት የተቃራኒው ነው፤ ይህንም መናገር አለብኝ። ሁሉም ነገር ምኞት ነው ብዬ ያገኘሁትን ሁሉ ማመልከት ጀመርኩ። አንድ ማዘጋጃ ቤት በየቤታቸው እየሄደ የአረጋውያንን የገቢ መረጃ የሚሰበስብ ሠራተኛ ፈለገ። ማመልከቻው «የመንጃ ፈቃድ አለዎት?» ብሎ ይጠይቃል፤ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃዴን ይዣለሁና አዎ አልኩ። ለቃለ መጠይቅ ተጠርቼ ሦስት ሰዎች ፊት ተቀመጥኩ። መንጃ ፈቃዴን ሲጠይቁኝ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አንዷ ገልበጥ አድርጋ አየችውና አገሩ ከገባሁ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ ጠየቀችኝ። በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚያ መንዳት የሚቻለው ነዋሪ ከሆኑ በኋላ ለአሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው፤ እኔ ሁለት ዓመት አልፎኛል። በትሕትና አመስግነው ሸኙኝ። እንግሊዞች በር ሲዘጉ እንኳን በጣም ጨዋ ናቸውና፣ የተዘጋብሽ መሆኑን የምታውቂው አውቶቡስ ፌርማታ ከደረስሽ በኋላ ነው።

ያን ዕለት ግን አንድ ነገር ተማርኩ። ሠንጠረዥ በሌለበት፣ በተለይ የግል ድርጅት ባወጣው ማስታወቂያ፣ እውነተኛውን መስፈርት የማገኘው ከሥራው ዝርዝር ነው። አንድ መስፈርት በየዕለቱ በሚሠራው ሥራ ውስጥ ተመልሶ ከመጣ እውነተኛ ነው። ቤት ለቤት የሚሄድ ሠራተኛ መንዳቱ ግልጽ ነበር፤ ዝርዝሩን በወጉ ባነብ ኖሮ አያመልጠኝም። ከመስፈርቶቹ መካከል ተጽፎ የትኛውም ተግባር የማይጠቀምበት ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምኞት ነው። ሁለተኛው ምልክት የማመልከቻው ቅጽ ነው። አዎ ወይም አይደለም ብሎ የሚጠይቀው ነገር ብዙ ጊዜ ማጣሪያ ነው፤ በተለይ ሕግ የሚያስገድደው ሲሆን፣ ለምሳሌ የነርስ ምዝገባ ወይም የመሥራት መብት፣ በችሎታም በልመናም አይታለፍም።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነግሬ ስጨርስ ዓይኑ በራ። «እንግዲያው ላመልክት?» አለኝ። አይ፣ ቀጥለን እንየው አልኩት። የተያያዘውን ሰነድ ከፈትን፤ ኤኤቲ እንደጠረጠርኩት በሁለተኛው ዓምድ ነበረ። ከማስታወቂያው ግርጌ ግን እሱ አንብቦ ደስ ያለው አንድ አንቀጽ አለ፦ የሥራ ቪዛ ድጋፍ የሚፈልጉ አመልካቾች ከሌሎቹ ጋር እኩል ይታያሉ የሚል። ይህ አንቀጽ በብዙ የሆስፒታል ማስታወቂያ ግርጌ ላይ ተመሳሳይ ሆኖ ይገኛል፤ ለዶክተርም ለረዳትም ያው ነው። ይህ መደብ ቪዛ ያሰጣል ማለት አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከጁላይ 2025 ወዲህ ደግሞ፣ ከጥቂት ጊዜያዊ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አዲስ የሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ የሚሰጠው የዲግሪ ደረጃ ላላቸው ሥራዎች ነው፤ የደመወዝ ወለልም አለው። ዲግሪ የሚጠየቀው ለሥራው እንጂ ለሰውየው አይደለም። የሒሳብ ረዳት መደብ እዚያ አይደርስም። ልጁ የፈራው መስመር ምኞት ነበር፤ የተደሰተበት መስመር ግን ግድግዳ።

አገር ቤት ያላችሁ፣ በቴሌግራም የሚላክላችሁን ማስታወቂያ በዚህ ዓይን እዩልኝ። ልምድ አይጠይቅም፣ ቋንቋ አይጠይቅም፣ ቪዛና ትኬት ይሸፈናል፣ ለስፖንሰር ወረቀቱ ብቻ ክፈሉ የሚል ከሆነ ላም አለኝ በሰማይ ነው። እውነተኛ ቀጣሪ የሚጠይቀው ነገር አለው። እንግሊዝ አገር ስፖንሰር ማድረግ የሚችሉ ድርጅቶች ዝርዝር በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ቀጣሪው የስፖንሰር ወረቀቱን ክፍያ ከሠራተኛው መቀበልም ለዚህ ቪዛ ተከልክሏል። የቀጣሪው ስም ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ማስታወቂያውን ማንበብም አያስፈልግም።

ልጁ ፊቱ ጠቆረ። ሌላ ያየኸው የለም ወይ አልኩት። ባሕር ዳር ያለ አንድ የግል ድርጅት አካውንታንት ይፈልጋል፤ ሁለት ዓመት ልምድ ስለሚል አልፎታል። አምጣው አልኩትና አብረን አነበብን። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ከመስፈርቶቹ አንዱ ነው፤ በሥራው ዝርዝር ውስጥም ሁለት ጊዜ ተጽፏል። እውነተኛ ነው፤ ልጁ ደግሞ በገበሬዎች ዩኒየን ሲሠራ በየቀኑ ይጠቀምበታል። መንጃ ፈቃድ ያለው ይመረጣል ይላል፤ ከተግባሮቹ አንዱም ከቢሮ አያስወጣም። ምኞት ነው። ሁለት ዓመት የሚለው ቀረ። እሱ ያለው አንድ ዓመት ከስምንት ወር ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ተወው እለው ነበር፤ የመዝጋቢውን ጣት አውቀዋለሁ። የግል ድርጅት ግን ማስረጃውን በኢሜይል ነው የሚቀበለው፤ የሚያነበውም ሥራውን የሚፈልገው ኃላፊ ሊሆን ይችላል። አንድ ዓመት ከስምንት ወር ብለህ እንዳለ ጻፍ፣ አንድም ቀን አትጨምር፣ ከሥሩ ግን በዩኒየኑ የስንት ማኅበራትን ሒሳብ እንደዘጋህ በቁጥር አስቀምጥ አልኩት። ቀና ሲል ስድስት ማኅበር ብሎ መቁጠር ጀምሯል።

እናቴ ሦስተኛውን እየቀዳች ዝም ብላ ስታዳምጠን ቆይታ ነበር። ስኒውን አቀበለችውና «ማስታወቂያው የሚያበቃው መቼ ነው?» አለችው።

«ማክሰኞ ነው፣ እማማ።»

«ዛሬ እኮ እሑድ ነው» አለች።