ካርታ ከቨርጂኒያ ጋር፦ የአጎቴን እጅ ሳላይ ማደል

አጎቴ ቨርጂኒያ ከገቡ ብዙ ዓመት ሆናቸው። ደብረ ብርሃን እያሉ ማታ ማታ የከሰል ምድጃ ከብበን፣ ጋቢ ለብሰን ክራዚ እንጫወት ነበር። ባለፈው ክረምት እማዬ በቪዲዮ እያወራቻቸው ድንገት «ካርታው አለ?» አሉ። አለ። የሌለው ዘዴው ነበር።

መጀመሪያ የሞከርነው ቀላሉን ነው። እሳቸው በራሳቸው ካርታ፣ እኛ በራሳችን ካርታ። ሁለታችንም በውዘን አምስት አምስት አነሳን፣ የወረደውን ለካሜራ እያሳየን ቀጠልን። ክራዚ ላይ ይኼ ያስኬዳል፣ ምክንያቱም ጨዋታው የሚጠይቀው ቁጥር ወይም ዓይነት ማመሳሰል ብቻ ነው። ዘጠኝ ልብ ሁለት ጊዜ ቢወርድ ጨዋታው አይፈርስም። አጎቴ ግን ቆጣሪ ናቸው። ስንት ስምንት እንደወረደ በልባቸው ይይዛሉ። ሁለት ካርታ ሲሆን ስምንቱ አራት መሆኑ ቀርቶ ስምንት ይሆናል፣ ቆጠራቸውም ገደል ገባ። ደግሞ ሲስቡ እጃቸው ከካሜራው ይወጣል። «ጋሼ፣ አንድ ነው የሳቡት ወይስ መርጠው ነው?» ማለት ነውር ስለሆነ ዝም አልን። ዝምታው ግን ጨዋታውን አቀዘቀዘው።

ስለዚህ በአንድ ካርታ፣ እኛ ቤት ባለው፣ ለመጫወት ወሰንን። ጥያቄው አንድ ነበር። የእሳቸውን አምስት ካርታ እኔ እያደልኩ እንዴት ነው እሳቸው ብቻ የሚያዩት?

መልሱ ሁለተኛ ስልክ ሆነ። አንዱ ስልክ ጠረጴዛውንና ፊታችንን ያሳያል። ሁለተኛው፣ የእማዬ ስልክ፣ እዚያው ግሩፕ ኮል ውስጥ ይገባና የአጎቴን ካርታ ብቻ ያያል። ካርታዎቹ የሚቆሙበት መደርደሪያ ከካርቶን ሠራሁ። የካርታ ወርድ ስድስት ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ አምስት ካርታ ጎን ለጎን ሲቆም 35 ሴንቲሜትር ያህል ይወስዳል። ክራዚ ላይ እጅ ስለሚበዛ አሥር ቦታ ፈለግሁ፤ አሥሩን በአንድ መስመር ብደረድር ደግሞ ካሜራው አይበቃውም። እንደ ደረጃ ሁለት እርከን አደረግሁት፣ አምስት ታች፣ አምስት ላይ። የካርታው ጀርባ ወደ እኔ፣ ፊቱ ወደ ስልኩ።

የመጀመሪያውን ማታ በሦስት ጨዋታ አሸነፍኳቸው። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ታናሽ እህቴ ናት የነቃችው። «አንተ፣ የጋሼን እጅ በስልኩ እያየህ አይደል?» አለች። እውነቷን ነው! ጥራት ፍለጋ የኋላውን ካሜራ ነበር የከፈትኩት። የኋላው ካሜራ ወደ ካርታው ሲያይ ስክሪኑ ወደ እኔ ይዞራል። የአጎቴ እጅ እንዳለ ፊቴ ተዘርግቶ ነበር። ሆን ብዬ አላየሁም ብዬ ብምል ማን ያምነኛል? ዓይን እኮ አይታሰርም። ሦስቱም ጨዋታ ተሰረዘ።

አሁን የፊተኛውን ካሜራ ነው የምንጠቀመው። ስክሪኑም ካሜራውም ወደ ካርታው ይዞራሉ፣ ለእኔ የስልኩ ጀርባ ብቻ ይቀራል። ጉዳቱ የፊተኛው ካሜራ ድክም ያለ መሆኑ ነው። ብዙ ያስቸገረን ስድስትና ስምንት ነው፤ ክራዚ ላይ ስምንት ዓይነት የሚቀይር ስለሆነ ስህተቱ ቀላል አይደለም። አጎቴ የጥጉን ቁጥር ትተው ምልክቶቹን መቁጠር ጀመሩ። ስድስት ላይ ሁለት ረድፍ ብቻ ነው ያለው፣ መሀሉ ባዶ ነው። ስምንት ላይ መሀል ሁለት ይጨመራል። መሀሉን አይተው ይለያሉ።

መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ ካርታውን ፊት ለፊት ካበራን ፕላስቲኩ ያንጸባርቅና ነጭ ብቻ ይታያቸዋል። ባትሪውን ወደ ጎን ወስደን በሰያፍ ስናበራ ይጠራል። ሁለተኛው ስልክ ድምፁም ማይኩም መዘጋት አለበት፣ አለዚያ ሁለቱ ስልኮች አንዱ የሌላውን ድምፅ እየሰማ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ያወጣሉ።

ከዚያ የግራና ቀኝ ጣጣ መጣ። አጎቴ «ከግራ ሁለተኛውን ጣልልኝ» ይላሉ። እሳቸው በካርታው ፊት በኩል ናቸው፣ እኔ ከጀርባው ነኝ። የእሳቸው ግራ የእኔ ቀኝ ነው። አንድ ማታ ሊያቆዩት የፈለጉትን ጄ አውርጄባቸው ለአንድ ሰዓት ያህል ተኮራረፍን። በማግስቱ እያንዳንዱን ቦታ በሁለቱም በኩል ቁጥር ጻፍኩበት፣ ከ1 እስከ 10። አሁን «3» ብቻ ነው የሚሉት። እኔም 3 ቁጥርን ጀርባውን እንደያዝኩ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ስደርስ እገለብጠዋለሁ። ክፍተት ሲፈጠር ካርታ አላጠጋጋም። 3 ባዶ ከሆነ ባዶ ይቆያል፣ ሲስቡ አዲሱ እዚያ ይገባል። አንዴ ለማሳመር ብዬ ሰብሰብ አድርጌአቸው ቁጥሩ ሁሉ ተዛባ።

ስለ መበወዝም ላንሳ። እኛ ቤት የሚታወቀው ካርታውን በእጅ ይዞ ቆንጠር ቆንጠር እያደረጉ መቀላቀል ነው። ይኼ አበዋወዝ ደካማ ነው፣ ካርታዎች ተያይዘው እንደነበሩ ይቀራሉ። ክራዚ ላይ ደግሞ የወረደው ክምር ራሱ በዓይነትና በቁጥር ተከታትሎ የተደረደረ ነው፣ ስለዚህ አንድ ዓይነት የሆኑ ካርታዎች ተከታትለው ይወጣሉ። ቤየርና ዲያኮኒስ የሚባሉ ሁለት የሒሳብ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ጥናት 52 ካርታን ለሁለት ከፍሎ ጫፍ ለጫፍ እያጠላለፉ መበወዝ ሰባት ጊዜ ገደማ እንደሚያስፈልገው አሳይተዋል። የእኛ ካርታ አሮጌ ነው፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። እኔ ፊቱን ደፍቼ ጠረጴዛው ላይ እዘረጋውና በሁለት እጄ እንደ እህል አማስለዋለሁ፣ አንድ ደቂቃ ያህል፣ ካሜራው እያየ። ሰብስቤ ሳበቃ አጎቴ ቁጥር ይጠራሉ። «19!» 19 ካርታ ከላይ ቆጥሬ ከታች አስገባለሁ። ቁጥሩ የሚጠራው ከተበወዘ በኋላ መሆኑ ዋና ነው። እኔ ቀድሜ ብሰርቅ እንኳ ማን ጋ ምን እንደሚደርስ አላውቅም። ከዚያ አንድ አንድ እያልኩ አድላለሁ፣ ከእሳቸው ጀምሬ።

ይህን ሁሉ የምደክመው አጎቴን ለመጠበቅ ነው። ለካ እሳቸው እኔን ሲያዩኝ ከርመዋል። አራት ተከታታይ ጨዋታ ካሸነፉ በኋላ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «ልጄ፣ ከኋላህ ያለውን ቡፌ እስቲ ዞር ብለህ እየው።» የቡፌው መስታወት እጄን በሙሉ ሲያሳያቸው ነበር። አሁን ቡፌው ላይ ብርድ ልብስ እናለብሳለን። መነጽር የሚያደርግ ሰው ካለ ደግሞ ካርታውን ከደረቱ ዝቅ አድርጎ እንዲይዝ እንነግረዋለን።

ሕጉን በተመለከተ የቨርጂኒያ ልጆች ሌላ ክራዚ ተምረዋል። ሁለት ላይ ሁለት ሲጣል ይደምራሉ፣ ስለ ሰባትና ስለ አስም የራሳቸው ወግ አላቸው። በአካል ቢሆን ጭቅጭቁ ራሱ ጨዋታ ነው። በቪዲዮ ግን አንዱ ሲናገር የሌላው ድምፅ ይቆረጣል፣ ክርክሩ አያልቅም። አራት ነገር ብቻ ቀረን። አምስት ካርታ ይታደላል። ስምንትና ጄ ዓይነት ይቀይራሉ። ሁለት ሁለት ያስስባል፣ አይደመርም። አንድ ካርታ ሲቀር «ቀረኝ» ይባላል። ይኼኛው ነው ትንሽ ያስቸገረን። ዱሮ «ቀረኝ» ያላለውን ቀድሞ የያዘው ሰው ያስቀጣዋል። ድምፅ ዘግይቶ በሚደርስበት መስመር ግን ማን ቀደመ አይታወቅም፤ እኛ ሁልጊዜ ራሳችንን ነው ቀድመን የምንሰማው፣ እሳቸውም እንዲሁ። ስለዚህ ፍጥነቱን አስወጣነው። ቀጣዩ ተጫዋች ካርታ እስኪጥል ጊዜ አለህ። ከዚያ ካለፈ ሁለት ትስባለህ።

ሰዓቱ እሑድ ማታ 2 ሰዓት ነው፣ እዚያ ቀን 7 ሰዓት። ጥቅምት ማብቂያ ላይ እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ እዚያ 6 ሰዓት ይሆናል። መጀመሪያ ዓመት ይህን ረስተን አጎቴ ገና ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለሱ መደርደሪያ ዘርግተን አንድ ሰዓት ሙሉ በብርድ ጠበቅናቸው።

ኔትወርክ ሲቆረጥ ማንም ምንም አይነካም። እማዬ ነጠላዋን መደርደሪያው ላይ ጣል ታደርጋለች፣ እኔ እጄን ደፍቼ ከሥሩ አስቀምጣለሁ። ባለፈው አንድ ካርታ ቀርቶኝ፣ «ቀረኝ» ብዬ፣ ተራው የእሳቸው ሆኖ መስመሩ ጠፋ። እስከ ማክሰኞ አልተመለሰም። ሁለት ቀን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ቡና አልተፈላም፣ ድመቷም ሳሎን እንዳትገባ ተከለከለች። ማክሰኞ ማታ ተደወለ። ሰላምታ እንኳ አልቀደመም።

«7 ቁጥርን» አሉ። አወጣሁት፣ ገለበጥኩት። ሁለት አበባ።

ሁለት ሳብኩ።