ቅጠሉ ውስጥ ያልነበረው ጨው

ወገኖች፣ ጨው ወጣልኝ! ከጥብስ ቅጠል አመድ፣ ነጭ፣ በጣት ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ጨው። ይህን ልነግራችሁ ነው የተቀመጥኩት። ደስታዬ ግን ሙሉ አይደለም፤ ክዳን በሌለው ብልቃጥ ያሳደርኩት ጨው ጠዋት ውሃ ሆኖ ጠበቀኝ። በማርቆስ ክረምት ምን ደረቅ ነገር ይገኛል? የሆነ ሆኖ ያ ውሃ ከጨው በላይ ስላስተማረኝ አብዛኛው ወሬዬ ስለ እሱ ነው።

ጨዉን ያወጣሁት አልኬሚ የሚባለው ጥንታዊ የመለየትና የመለወጥ ጥበብ የሚመራበትን አንድ አባባል በእጄ ሠርቼ ለማየት ብዬ ነው። መነሻውን ቶሎ ልለፈው። «ላይ እንዳለው ታችም እንዲሁ» የሚለውን አባባል ብዙዎቻችን ያወቅነው በአጭሩ ነው። በዚህ መልኩ ያስለመደን በ1908 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ጸሐፊዎቹ ስማቸውን ሸፍነው ያሳተሙት «ኪባሊዮን» የተባለ መጽሐፍ ነው። ምንጩ ግን «የመረግድ ጽላት» የሚባለው፣ ሦስት እጥፍ ታላቁ ሄርሜስ ለተባለ የአፈ ታሪክ ጠቢብ የተሰጠ የአንድ ገጽ ጽሑፍ ነው። ከፈርዖን መቃብር ወጣ የሚለውን ተረት ተዉት። እስካሁን የተገኘው ጥንታዊ ቅጂ ዐረብኛ ነው፤ በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው መቶ ዓመት ገደማ በተጻፈ፣ ስለ ፍጥረት ምሥጢር በሚናገር መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ይገኛል። ወደ ላቲን የተመለሰው በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት ነው፤ አይዛክ ኒውተን ሳይቀር በገዛ እጁ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞታል።

ስለ ዘዴ አንድ ጠንካራ አቋም አለኝ። አባባሉን ብቻውን ይዞ ማሰላሰል ጊዜ ማባከን ነው። ላቲኑ ላይ አባባሉ ጅራት አለው፤ «የአንዱን ነገር ተአምራት ለመፈጸም» ይላል። ወረድ ሲል ደግሞ ሥራ ያዛል፦ ምድርን ከእሳት፣ ረቂቁን ከግዙፉ ለይ፤ በዝግታና በታላቅ ጥበብ። ቀጥሎም ያ ነገር ከምድር ወደ ሰማይ ይወጣል፣ ተመልሶ ወደ ምድር ይወርዳል፣ የላይኛውንም የታችኛውንም ኃይል ይቀበላል ይላል። ላይና ታች እዚህ ቆመው የሚተያዩ ሁለት ሥዕሎች አይደሉም። በመካከላቸው የሚመላለስ ነገር አለ።

ይህን ለአንድ መሪጌታ ወዳጄ ባነብለት ፈገግ አለና «በሰማይ እንደ ሆነች እንዲሁ በምድር ትሁን ብለን ጠዋት ማታ እንጸልይ የለም እንዴ? ምኑ ነው አዲሱ?» አለኝ። ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም ልዩነቱን አሳየኝ። አቡነ ዘበሰማያት ልመና ነው፤ ምድር ገና እንደ ሰማይ አልሆነችምና ትሁን ይላል። ጽላቱ አይለምንም። ግንኙነቱ አለ ብሎ ይናገርና እንዴት እንደሚሠራበት ይገልጻል። ሁለቱን አንድ ናቸው የሚሉ ሰዎች ሁለቱንም ያበላሻሉ ባይ ነኝ።

«በዝግታና በታላቅ ጥበብ» የሚለውን ያስረዳችኝ መጽሐፍ ሳትሆን አረቄ የምታወጣ ጎረቤቴ ናት። እሳቱ ፊት ቁጭ ብላ አንዱን እንጨት ስትገፋ ሌላውን ስትስብ አይቼ ለምን እንደማታነደው ጠየቅኳት። «እሳት ካበዛህ ድፍድፉ ያርርና አረቄው ጭስ ጭስ ይላል፤ ካሳነስክ ደግሞ አይወርድም» አለችኝ። እንፋሎቱ ከእንስራው ይወጣል፣ በመቃው አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ጠብ ጠብ ይላል። ዳግም ለማድረግ የወረደውን እንደገና ታወጣዋለች። ከጥንት አልኬሚስቶች መሣሪያዎች ዋነኛው ይኸው ማጣሪያ ነበር፤ ጽላቱም ስለዚህ ዓይነት ሥራ የሚናገር ይመስላል ያሉ አንባቢዎች ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ነበሩ።

እኔ የመረጥኩት «ስፓጂሪያ» የሚባለውን የዕፅዋት አልኬሚ ነው። የአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ሐኪምና አልኬሚስት ከነበረው ከፓራሴልሰስ ወዲህ ያለው አሳብ እንዲህ ነው፤ ማንኛውም ነገር ሦስት ክፍል አለው። ነፍስ የሚሉት ዘይቱንና መዓዛውን፣ መንፈስ የሚሉት አልኮሉን፣ ሥጋ የሚሉት ደግሞ ከአመድ የሚወጣውን ጨው ነው። ለይ፣ አንጻ፣ መልሰህ አዋሕድ። 100 ግራም የደረቀ የጥብስ ቅጠል በግማሽ ሊትር ዳግም አረቄ ዘፍዝፌ፣ በመስታወት ዕቃ ከድኜ፣ በየቀኑ እየነቀነቅኩ ሁለት ሳምንት አቆየሁት። አረንጓዴውን አጥልዬ ካስቀመጥኩ በኋላ አተላው ደጅ ይቃጠላል። ደጅ ያልኩት አረቄ የጠጣ ቅጠል ቦግ ስለሚል ነው፤ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት። መጀመሪያ ጥቁር ከሰል ይሆናል። ይወቀጥና በሸክላ ገል ተደርጎ ፍም ላይ ይመለሳል፤ ግራጫ፣ ከዚያ ነጣ ያለ አመድ እስኪሆን ድረስ። ጥቁር ነቁጥ ከቀረበት በቂ አልነደደም ማለት ነው፤ ምልክቱም ውሃ ስታፈሱበት የሚጠልለው እንደ ሻይ መቅላቱ ነው። በደንብ የነጣ አመድ በዐሥር እጥፍ ሙቅ ውሃ ተበጥብጦ ሲረጋና በቡና ማጥለያ ወረቀት ሲያልፍ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ይላል። እሱን በዝግታ ማትነን ነው። የአሉሚኒየም ድስት እንዳትጠቀሙ፣ አመድ ውሃው ይበላዋል፣ ጨዋችሁም ይቆሽሻል። የሸክላ ቅብ ወይም የመስታወት ዕቃ ይሁን።

ወደ ችግሬ ልምጣ። የወጣው ጨው በአብዛኛው ፖታሲየም ካርቦኔት ነው። ለማረጋገጥ ሎሚ ጠብ አድርጉበት፣ ይፈላል። ይህ ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል። በበጋ ብዙም ላይታወቅ ይችላል፤ በሐምሌ ግን ክዳን የሌለው ሳህን ላይ ከተቀመጠ ቀስ እያለ ይረጥባል፣ ከዚያ ይጣበቃል፣ በመጨረሻም በራሱ ውሃ ይዋኛል። መልሼ በእሳት አደረቅኩት፤ መልሶ ቀለጠ። ተናድጄ ልደፋው ስል ነው የድሮዎቹ ይህንኑ ሆን ብለው ያደርጉት እንደነበር ያነበብኩት። ከወይን ጠጅ በርሜል ዝቃጭ ያወጡትን ይህንኑ ጨው እርጥብ ምድር ቤት ውስጥ ትተው፣ ቀልጦ የሚንጠባጠበውን «የታርታር ዘይት» ብለው ይሰበስቡት ነበር። በ1677 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ የታተመ፣ ከሞላ ጎደል በሥዕል ብቻ የሚያስተምር «ድምፅ አልባው መጽሐፍ» የሚባል አለ። አንዱ ሥዕል ላይ ባልና ሚስት ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ያደረ ጨርቅ ይዘው ጤዛውን ሳህን ላይ ሲጨምቁ ይታያሉ። ለእነሱ ጤዛ ከሰማይ የወረደ ኃይል ነው።

እንግዲህ አስቡት። በእሳት የነጻው፣ ከታች የቀረው ተራ አመድ ከላይ ያለውን ውሃ ሳይጠራው ይስባል። ያልተቃጠለው ቅጠል ግን ያን ያህል አይስብም። አባባሉን በዓይኔ ያየሁት ያን ጠዋት ነው። ኬሚስትሪው ምንም አያስደንቅም፣ አውቃለሁ። ግን እኔ የምፈልገው ተአምር ሳይሆን አባባሉ የትኛውን ሥራ እያሰበ እንደተነገረ ማየት ነበር።

ከዚህ የሚበልጠውን ግን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። መጻሕፍቱ ጨው የዚያ ተክል ሥጋ ነው ይላሉ። ከጤፍ ጭድ አመድም ባወጣው ግን ዋናው ያው ፖታሲየም ካርቦኔት ነው፤ የጥብስ ቅጠልን የሚያስታውስበት ምንም ነገር የለም። ደግሞም ካርቦኔቱ እንዲህ ሆኖ ቅጠሉ ውስጥ አልነበረም። ፖታሲየሙ ከሌሎች የተክሉ አሲዶች ጋር ተጣምሮ ነበር፤ ካርቦኔት ያደረገው እሳቱ ነው። የኬሚስትሪ ሊቁ ሮበርት ቦይል በ1661 እ.ኤ.አ. አልኬሚስቶችን የሞገተው በዚሁ ነበር፤ እሳት ያለውን ከመለየት አልፎ አዲስ ነገርም ይሠራል አለ። ሙግቱ አልኬሚውን ያፈረሰ ይመስላል። ለእኔ ግን ስለ ውስጥ ለውጥ ከሰማሁት ሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። አሁን በየቦታው የሚሰበከው «ወርቁ ውስጥህ ተቀብሯል፣ ቆሻሻውን አራግፍ» የሚል ነው። አመዱ የሚለው ሌላ ነው። የወጣው ነገር ቀድሞ አልነበረም፤ ጥሬ ዕቃው ነበር፣ እሳቱ ሠራው። ቁጣዬ ሥር የተሸሸገ ትዕግሥት የለም። ካለ የሚሠራ ነው፣ እሱም በዝግታ።

«አልኬሚ ሲጀመርም የነፍስ ሥራ ነበር፣ ምድጃው ሽፋን ነው» ለምትሉም አንድ ነገር ልበል። ይህ አተረጓጎም ጎልቶ የወጣው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ነው፤ እንግሊዛዊቷ ሜሪ አን አትዉድ በ1850 እ.ኤ.አ. ጻፈችበት፣ ካርል ዩንግ ደግሞ በ1944 እ.ኤ.አ. ወደ ሥነ ልቦና አመጣው። በ2001 እ.ኤ.አ. ግን የታሪክ ምሁራኑ ዊልያም ኒውማንና ሎረንስ ፕሪንሲፔ የድሮዎቹ በእርግጥ ምድጃ ፊት የሚሠሩ ሰዎች እንደነበሩ፣ እንቆቅልሻቸውም ብዙ ጊዜ የተሸፈነ የሥራ መመሪያ እንደሆነ አሳዩ። እኔ ለእነሱ አደላለሁ። ቢሆንም የፓኖፖሊሱ ዞሲሞስ አለ። በ300 እ.ኤ.አ. ገደማ በላይኛው ግብፅ የኖረ፣ ስለ ማጣሪያ ዕቃዎች በዝርዝር የጻፈ ሰው ነው። እሱው ራሱ እንደ ጽዋ ያለ መሠዊያ፣ ዐሥራ አምስት ደረጃ፣ ተቆራርጦና ተቃጥሎ መንፈስ የሆነ ካህን በሕልሙ አየ። ቴዎሴቤያ ለምትባል ሴትም በጽሞና ተቀመጪ፣ ስሜቶችሽን አብርጂ ብሎ ጽፏል። ምድጃውና ነፍሱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ይህን ይመስላል። ስለዚህ ምክሬ የዩንግን መጻሕፍት ከማንበባችሁ በፊት አንድ ነገር አቃጥላችሁ አመዱን አጥቡ ነው። ከባድ ምክር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ባለቤቴም በጭሱ የተነሳ በምክሩ አትስማማም። እናቴማ ከደብተራ አስማት ለይታ አታየውም።

አሁን የቆምኩት ማዋሐዱ ላይ ነው። ጨዉን በሙቀቱ ብልቃጥ ውስጥ ከትቼ ወዲያው በመክደን መቅለጡን አስቁሜዋለሁ። ጥቂት አረንጓዴውን አረቄ ወስጄ ጨዉን በሙሉ ስጨምርበት ግን ፈሳሹ ለሁለት ተከፈለ፤ ጨዋማው ውሃ ከታች፣ መዓዛ ያለው አልኮል ከላይ። ስነቀንቀው ይደባለቃል፣ ስተወው ይለያያል። ምክንያቱ ጨው ውሃውን ይዞ አልኮሉን ስለሚገፋው ነው፤ ጨዉ ትንሽ፣ አረቄው ብዙ ከሆነ አይለያይም። ሁለተኛውን ዙር በጥቂት ጨው እጀምራለሁ። የምቀምሰው አይደለም፣ እናንተም አትቅመሱት፤ የአመድ ጨው አፍና ጉሮሮ ያቆስላል። ከእናንተ መካከል ከታችኛው ንብርብር ውሃውን አትንኖ ጨዉን መልሶ ያወጣ ካለ፣ ቀለሙ ነጭ ሆኖ ይመለሳል ወይስ የቅጠሉን ቀለም ይዞ? እሱን ንገሩኝ።