ከቡድኑ ያስወጣኋቸው ሰባት ልጆች

የማስተምርበት ትምህርት ቤት በፈረቃ ነው የሚሠራው። የጠዋቱ ፈረቃ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይለቀቃል። ቤት ውስጥ ወላጅ የለም፤ ልጁ ፕሌይስቴሽን ቤት ይገባል። የዘጠነኛ ክፍል እግር ኳስ ክበብ የጀመርኩት ለዚህ ነበር። 22 ልጆች፣ ሦስት ኳስ፣ በሳምንት ሦስት ቀን።

መጀመሪያ ልምምዱን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል አደረግኩት። ስህተት ነበር። በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ የሚመጣው አምሽቶ ነው፤ የሚያስፈልጋቸው ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት የሚደርስ እንቅልፍ ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ዴስክ ላይ ተደፍተው ይተኛሉ። ወደ ከሰዓት 9 ሰዓት አዞርኩት።

ትልቁ ጥፋቴ ግን ደንቡ ነበር። በየትኛውም ትምህርት ከ50 በታች ያመጣ ከቡድኑ ይወጣል አልኩ። ወላጆች በጣም ወደዱልኝ። የመንፈቀ ዓመቱ አጋማሽ ፈተና ተመለሰና ሰባት ልጆች ወጡ። አጥንተው ይመጣሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ የተመለሱት ሁለት ብቻ ናቸው። በረኛችን ሒሳብ 41 አምጥቶ ነበር የወጣው። በወር አንዴ እንኳ የማይቀር ልጅ በሦስት ሳምንት ውስጥ ስድስት ቀን ቀረ። ለካ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳው የከሰዓቱ ኳስ ኖሯል። ደግሞ 41ን 50 ለማድረግ ወራት ይፈጃል። ዛሬ ማታ ቢያጠና ነገ ኳስ አያገኝበትም፤ ስለዚህ ተወው።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ደንቡን ቀየርኩ። በውጤት የሚባረር የለም። ዛሬ ክፍል የቀረ ዛሬ አይለማመድም፤ ነገ ከመጣ ይጫወታል። መጀመሪያ የክፍል ኃላፊው የሚፈርምበት ደብተር ሰጠኋቸው። በሁለተኛው ሳምንት የራሳቸው ፊርማ ከመምህሩ ፊርማ ይበልጥ ያምር ጀመር! ደብተሩን ትቼ የቀሪ መዝገቡን ራሴ ማየት ያዝኩ።

ከልምምዱ በፊት ግማሽ ሰዓት የቤት ሥራ ይሠራሉ። መገልበጥ ነበረ፣ አሁንም አለ። አንዱን ጠርቼ «ይህችን እንዴት እንደሠራሃት ንገረኝ» ስል ግን ትንሽ ይቀንሳል።

አንድ ጎበዝ ተማሪ ደግሞ ሳይባረር ጠፋ። ለምን ቀረህ ብለው፣ «ቲቸር፣ ለመቀመጥ ከሆነ ቤትም ወንበር አለ» አለኝ። እውነቱን ነው። 11 ለ11 ሲጫወቱ ሁልጊዜ ኳሱ የሚደርሳቸው አምስት ስድስት ልጆች ነበሩ። ሜዳውን ለሁለት ከፍዬ 5 ለ5 አደረግኩት፤ የተረፉት ሁለቱ በየአስር ደቂቃው ይቀየራሉ። እሱም ተመለሰ።

በረኛውን ቤቱ ድረስ ሄጄ ነው ያመጣሁት። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ከክፍል የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሒሳቡ 47 ነው፤ በድሮው ደንቤ አሁንም ይባረር ነበር።