ማስታወቂያ ላላወጣ ፋብሪካ የጻፍኩት ደብዳቤ

የኢንተርንሺፕ ጊዜ ሲቃረብ የክፍሌ ልጆች ሐሳብ ወይ ቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው፣ ወይ ባሕር ዳር፣ ወይ አዲስ አበባ። እኔ ዓይኔን የጣልኩት እዚሁ ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ላይ ነው። ፋብሪካው ተማሪ እቀበላለሁ ብሎ ማስታወቂያ አላወጣም። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የፉርሽካ ዋጋ ብቻ ነው። ምግብ ምህንድስና ለሚማር ሰው ግን ከቤቱ በእግር የሚደርስበት ወፍጮ እያለ ሌላ አገር መሄድ አልታየኝም።

ዩኒቨርሲቲው ለሁላችንም የሚሰጠን የትብብር ደብዳቤ አለ። ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፣ «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላት እንጠይቃለን» ይላል። ጥሩ ወረቀት ነው፤ ተማሪ መሆኔን ይመሰክርልኛል። እዚያ ገብቼ ምን እንደምሠራ ግን አይናገርም። ብዙው ልጅ ይህንኑ ይዞ ይሄድና ሥራ አስኪያጁ «ምን ክፍል ልመድባት?» ብሎ ሲያስብ ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ማስታወቂያ የወጣበት ቦታ ቢሆን የሚፈልጉት ተጽፏል፣ አንተ ለዚያ መልስ ትሰጣለህ። ማስታወቂያ ከሌለ ግን የምትሠራውን ሥራም አንተው ነህ የምትጽፈው። ስለዚህ ከትብብር ደብዳቤው ጋር አያይዤ የማስገባው የራሴ አንድ ገጽ ያስፈልገኝ ነበር።

በዚያ ገጽ የምጽፈውን ሥራ ያገኘሁት በአጎቴ በኩል ነው። አጎቴ ሠንጋ ያደልባል፤ ፉርሽካ የሚገዛውም ከዚሁ ፋብሪካ ነው። አንድ ቀን ከጆንያው ዘግኖ መዳፌ ላይ አደረገልኝና «እሽው እስቲ» አለኝ። በሁለት እጄ አሸሁት። ፉርሽካው ሲራገፍ መዳፌ ላይ ነጭ ዱቄት ቀረ፤ የእጄ መስመር ሁሉ ነጭ ሆነ። «በሬዎቼማ ደስ ብሏቸዋል፣ ለባለቤቱ ግን እንጃለት፤ አንች ልጅ፣ ይኸን ነው እንዴ የምትማሩት?» ብሎ ሳቀብኝ።

ነገሩ በትክክል የምንማረው ነው። ስንዴ ከመፈጨቱ በፊት ውኃ ይጠጣል፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ያርፋል። ውኃው ሲሰርግ ገለባው ይጠነክራል፣ የውስጡ ነጭ ክፍል ደግሞ ይላላል። ያኔ ሮለሩ ውስጥ ሲገባ ገለባው ሳይደቅ በሰፊው ይላጣል፣ ነጩም በቀላሉ ይለያል። ስንዴው ከደረቀ ገለባው ይሰባበርና ከዱቄቱ ጋር ወንፊቱን ያልፋል፤ ዱቄቱ ይጠቁራል። ከመጠን በላይ ከረጠበ ደግሞ ነጩ ከገለባው አልላቀቅ ይላል፣ ወንፊቱም ይደፈናል። ያን ጊዜ ዱቄት መሆን የነበረበት በፉርሽካ ዋጋ ይሸጣል።

ታዲያ «ስንዴያችሁ ከመጠን በላይ ይረጥባል» ብዬ ልጻፍ? እዚህ ላይ ነው ደብዳቤው የከበደኝ። ፉርሽካ ላይ ዱቄት የሚቀረው በእርጥበት ብቻ አይደለም። ስንዴው በቂ ጊዜ ሳያርፍ ተፈጭቶ ውኃው ገና ላዩ ላይ ሊሆን ይችላል። የሮለሩ ጥርስ አልቆ ሊሆን ይችላል። በሁለቱ ሮለር መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቶ ሊሆን ይችላል። ከጆንያ የተዘገነ አንድ እፍኝ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ አይለይም። ደግሞስ ሃያ ዓመት ወፍጮ ያስኬደ ሰው፣ በሩን ረግጣ የማታውቅ ተማሪ ጉድለቱን ስትነግረው ምን ይሰማዋል? ደብዳቤውን ሳይጨርስ ይተወዋል።

ስለዚህ ጉድለት የሚለውን ነገር ከደብዳቤው አወጣሁትና በቦታው የሚለካ ነገር አስገባሁ። ዋናው አንቀጽ እንዲህ ሆነ፦

«ፋብሪካው የሚረከበው ስንዴ ከተለያየ ቦታና ጎተራ የሚመጣ በመሆኑ እርጥበቱ ከጭነት ጭነት እንደሚለያይ እገምታለሁ። በልምምድ ጊዜዬ ከእያንዳንዱ ጭነት 250 ግራም ያህል ናሙና እየወሰድኩ፣ የስንዴውን እርጥበት ሲገባና ካረፈ በኋላ፣ እንዲሁም የሚወጣውን ፉርሽካ እርጥበት ለክቼ ከተጨመረው ውኃና ካረፈበት ሰዓት ጋር በአንድ ሰንጠረዥ መመዝገብ እፈልጋለሁ። ልኬቱን በፋብሪካው መለኪያ፣ ከሌለም በዩኒቨርሲቲያችን ላብራቶሪ ማድረቂያ ምድጃ እሠራለሁ። መጨረሻ ላይ ሰንጠረዡንና የአንድ ገጽ ማጠቃለያ ለምርት ክፍል አስረክባለሁ።»

ይህን ያህል ነው። «ምርታችሁን በዚህ ያህል ፐርሰንት እጨምራለሁ» የሚል ቃል የለበትም። ከእኔ ጋር የሚማር አንድ ልጅ «ብር ካልጠቀስሽ አያነቡልሽም» ብሎኝ ነበር። ወፍጮው በቀን ስንት ኩንታል እንደሚፈጭ ሳላውቅ ብር መጥቀስ ግን ውሸት ነው፤ ባለቤቱም ውሸት መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል።

አንድ ቁጥር ግን አስገብቻለሁ፤ ሒሳቡን እንደምችል የሚያሳይ። 10 ኩንታል ስንዴ 11 በመቶ እርጥበት ይዞ መጣ እንበል፤ ወደ 15.5 በመቶ ማድረስ ተፈለገ። ልዩነቱ 4.5 ስለሆነ 45 ሊትር ይበቃል የሚል ሰው ብዙ ነው። አይበቃም፤ ምክንያቱም የተጨመረው ውኃም ራሱ ክብደት ነው። ስንዴው ውስጥ ያለው ደረቅ ነገር 890 ኪሎ ነው፤ ይህ 890 ኪሎ ከጠቅላላው 84.5 በመቶ እንዲሆን ጠቅላላው ወደ 1053 ኪሎ መድረስ አለበት። ስለዚህ የሚጨመረው 53 ሊትር ገደማ ነው። 45 ብቻ የተጨመረበት ስንዴ 14.8 በመቶ ላይ ይቆማል። ደብዳቤው ውስጥ የገባው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «11 በመቶ እርጥበት ያለውን 10 ኩንታል ስንዴ ወደ 15.5 በመቶ ለማድረስ 53 ሊትር ገደማ ውኃ ያስፈልጋል፤ ስንዴው 12.5 በመቶ ሆኖ ቢመጣ ግን 36 ሊትር ገደማ ይበቃዋል፤ የሰንጠረዡ ጥቅም ይህን ልዩነት በየጭነቱ ማሳየት ነው።» ወፍጮ የሚያውቅ ሰው ካነበበው ይገባዋል። የማያውቅ ከሆነም ወደሚያውቀው ይመራዋል።

ስለ መምራት ካነሳሁ፣ ደብዳቤ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ መዝገብ ቤት ይገባል፣ ገቢ ቁጥር ይመታበታል፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ ይወጣል። ሥራ አስኪያጁ ብዙውን ጊዜ ደብዳቤውን ሙሉ አያነብም፤ «ጉዳዩ» የሚለውን ያይና ጠርዙ ላይ ለአንዱ ክፍል ይመራዋል። «ጉዳዩ፦ ኢንተርንሺፕ ስለመጠየቅ» ካለ የሚመራው ለሰው ኃይል ነው፤ ሰው ኃይል ደግሞ የተፈቀደ መደብ የለም ብሎ ይዘጋዋል፤ እውነቱን ነው፣ የለም። እኔ «ጉዳዩ፦ በምርት ክፍል የስንዴ እርጥበት ምዝገባ ላይ የተግባር ልምምድ ለማድረግ ስለመጠየቅ» አልኩት። ረዝሟል፣ አውቃለሁ። ግን ሥራ አስኪያጁ «ለምርት ክፍል» ብሎ ከመጻፍ ሌላ አማራጭ አይኖረውም ብዬ ነው። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለውንም ትቼ ለዋና ሥራ አስኪያጁ በማዕረጉ ጻፍኩ።

ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ፋብሪካው በሆዱ የሚጠይቀውን ነው የሚመልሰው። ከመቼ እስከ መቼ? ከየካቲት እስከ ግንቦት። ማን ይጠብቃታል? በሳምንት አንድ ጊዜ ሰንጠረዡን የሚያይልኝ የምርት ክፍል ባለሙያ ይበቃኛል፤ የዩኒቨርሲቲውን የግምገማ ቅጽ የሚሞላውም እሱ ነው። ብትጎዳስ? ናሙና የምወስደው ኦፕሬተሩ በሚያሳየኝ ቦታ ብቻ ነው፣ ማሽን አልነካም፣ በሽፍን ጫማና በቱታ እመጣለሁ። ይህን የጻፍኩት በከንቱ አይደለም፤ ቀበቶ በሚሽከረከርበት ቦታ ነጠላ ለብሳ የምትገባ ሴት ልጅ ለማንም ኃላፊ ሥጋት ናት። ሰንጠረዡን ሳይፈቅዱልኝ ከመምህሬ በቀር ለማንም እንደማላሳይም ጨመርኩ።

ስለ ክፍያ ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ «የምጠይቀው ክፍያ የለም» ብዬ ጻፍኩ። እናቴ ቤት ስለምኖር፣ ምሳዬንም ከቤት ስለምበላ ነው የቻልኩት። ቤት ተከራይቶ ለሚለማመድ ልጅ ይህን ዓረፍተ ነገር ጻፍ አልለውም፤ ቢያንስ የትራንስፖርትና የምሳ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስለ ራሴ የጻፍኩት ከሁሉ ያጠረ ነው፤ ሦስት መስመር። የአራተኛ ዓመት ተማሪ መሆኔ፣ በላብራቶሪ ስንዴ ፈጭቼ በ130 ዲግሪ ምድጃ አድርቄ እርጥበት መለካት መቻሌ፣ በኤክሴል ሰንጠረዥ መሥራቴ። «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምወድ» የሚለውን አላስገባሁም፤ እሱን ሁሉም ይጽፈዋል፣ ማንም አይፈትሸውም።

ደብዳቤውን ሁለት ኮፒ አድርጌ መዝገብ ቤት አስገባሁ፤ አንዱ ኮፒ ላይ ገቢ ቁጥሩንና ቀኑን አስመትቼ ለራሴ አስቀረሁ። ይህ ቁጥር ከሌለ በኋላ «ደብዳቤዬ የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም። ሳምንት አልፎ ስጠይቅ የመዝገብ ቤቷ እህት ቁጥሩን ፈልጋ «ወደ ምርት ተመርቷል» አለችኝ፣ ክፍሉንም አሳየችኝ።

የምርት ኃላፊው ደብዳቤዬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። 53 ሊትር የሚለውን በእስክሪብቶ አስምሮበታል። ስለ ዩኒቨርሲቲ አልጠየቀኝም፣ ስለ ውጤቴም አልጠየቀኝም። «እኛ ስንዴ የምናረጥበው ማታ ነው፤ ጠዋት እንዲፈጭ። ማታ መምጣት ትችያለሽ?» አለኝ።

እናቴ ሌሊት እንደማትፈቅድ ስለማውቅ፣ የማርጠቢያው ውኃ ሲከፈት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት እቆያለሁ፣ ከዚያ በኋላ የተጨመረውን ውኃ ኦፕሬተሩ በማዘጋጅለት ወረቀት ላይ ይሙላልኝ፣ ያረፈውን ናሙና ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጥቼ እወስዳለሁ አልኩት። ትንሽ አሰበና «ኦፕሬተሮቹ ወረቀት መሙላት አይወዱም» አለ። «ሦስት ቁጥር ብቻ ነው» አልኩት፤ የጀመሩበት ሰዓት፣ የጨረሱበት ሰዓት፣ የውኃ ቆጣሪው ንባብ። ወረቀቱን ሠርቼ እንዳመጣለት ነገረኝ፤ ለኦፕሬተሮቹ አሳይቶ መልስ ሊሰጠኝ።

እስከዚያው ቢቸና ላለ ሌላ ወፍጮም ልጽፍ ነው። ስለ ልብስና ሰንጠረዡን ለሌላ ስላለማሳየት ያለው አንቀጽ እንዳለ ይሄዳል፤ የማታው ጉዳይና የኦፕሬተሩ ወረቀት ይጨመርበታል። ክፍያ የለም የሚለው ይወጣል፣ ቢቸና ቤት መከራየት አለብኝና። ዋናውን አንቀጽ ግን ሄጄ ስንዴ ሲያራግፉ ሳላይ፣ ፉርሽካቸውንም ገዝቼ ሳላሸው አልጽፈውም። አጎቴ ቅዳሜ ቢቸና ገበያ ይወርዳል፤ አብሬው እሄዳለሁ።