ከልብስ ሰፊው ሱቅ ምን ይወጣል?

ፍርድ ቤት ውስጥ የአፈጻጸም ሠራተኛ ነኝ። ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ባለዕዳው በፈቃዱ ካልከፈለ፣ በትእዛዝ ንብረቱን ቆጥሮ የሚያስከብረው፣ ማለትም ለዕዳው መክፈያ እንዲያዝ የሚያደርገው፣ እኔ ባለሁበት ክፍል ያለ ሰው ነው። ከገጠሙኝ መዝገቦች ሕጉ ምን እንደሚነካና ምን እንደማይነካ በደንብ የሚያሳየው የአንድ ልብስ ሰፊ ጉዳይ ነው።

ሰውየው ከአንዲት የጨርቅ ነጋዴ በዱቤ ጨርቅ ወስዶ አልከፈለም። ወንድሙ ደግሞ ዋስ ሆኖለት ነበር። ወንድሙ መምህር ነው። ፍርዱ በሁለቱም ላይ በአንድነትና በነጠላ ተሰጠ፤ ማለትም ሙሉውን ዕዳ ከሁለቱም አብሮ ወይም ከአንዳቸው ብቻ መጠየቅ ይቻላል። ወጪና ኪሣራው ተጨምሮ 96,000 ብር ነው። ነጋዴዋ የአፈጻጸም መዝገብ ከፈተች። ባለዕዳዎቹ ተጠርተው እንዴት እንደሚከፍሉ ሲጠየቁ የሚጨበጥ መልስ አልሰጡም። በአቤቱታዋ ላይ ይከበርልኝ ብላ የጻፈችው «በመኖሪያ ቤቱና በሱቁ የሚገኝ ማንኛውም ንብረት» የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ጥቅል አጻጻፍ ብዙ ጊዜ ያጋጥመናል። ጣጣውም ከዚሁ ይጀምራል።

ከቀበሌ ተወካይና ከፖሊስ ጋር ሱቁ ስንደርስ የነጋዴዋ ወኪል የጭነት መኪና ይዞ ቆሟል። መጀመሪያ የጠቆመው የስፌት መኪናዎቹን ነው። ሦስት ናቸው። «ዋጋ ያለው እሱ ነው፣ ከእሱ ጀምሩ» አለ።

ልብስ ሰፊው እጁን መኪናው ላይ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ይሄን ከወሰዳችሁት ዕዳውን በምን እከፍላለሁ?» አለኝ።

ጥያቄው የልመና ይመስላል እንጂ ሕጉ ራሱ የጠየቀው ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 404 ሊከበሩ የማይችሉ ንብረቶችን ይዘረዝራል። ከእነዚህ አንዱ ባለዕዳው በሙያው የሚሠራባቸው መሣሪያዎች ናቸው። ሕጉ የዋጋ ጣሪያ አላስቀመጠም፤ ይህን ያህል መኪና ብቻ ብሎም አልቆጠረም። ስለዚህ ውድ ነው ተብሎ ብቻ መሣሪያ አይወሰድም። መጠየቅ ያለበት ባለዕዳው ራሱ የሚሠራበት መሆኑ ነው።

«ጋሼ፣ የትኛው ላይ ነው እርስዎ የሚሠሩት?» አልኩት።

አንደኛው ዋናው መስፊያ ነው። ሁለተኛው ኦቨርሎክ ነው፤ የጨርቁ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚዘጋው እሱ ነው። ያለ እሱ የተሰፋ ልብስ ደንበኛ አይቀበልም። ሦስተኛው ጥግ ላይ ነበር፤ ሌላ ወጣት ተቀምጦበታል። ወጣቱን ስጠይቀው መኪናውንም ቦታውንም በወር እንደሚከራይ በግልጽ ነገረኝ። እንግዲህ ሦስተኛው መኪና ለልብስ ሰፊው የኪራይ ገቢ ያስገባል እንጂ እሱ ራሱ አይሠራበትም። እሱን አስከብሬ መዘገብኩ። ሁለቱን ግን ከነምክንያቱ ቃለ ጉባኤው ላይ ለይቼ ጻፍኩና ባሉበት ተውኳቸው። ወኪሉ ተቃውሞውን አስመዘገበ። መብቱ ነው፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ችሎቱ ነው።

ከመኪናዎቹ ይልቅ ያከራከረው ጨርቁ ነበር። መደርደሪያው ላይ ሁለት ዓይነት ጨርቅ አለ። አንደኛው ያልተቆረጠ፣ በጥቅል ያለ፣ ሰውየው ለደንበኛ የሚሸጠው ነው። «ጨርቅ ከሌለ መኪናው ብቻውን ምን ይሠራል?» ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ያሳዝናል፤ ነገር ግን ለሽያጭ የተቀመጠ ዕቃ የሙያ መሣሪያ አይደለም። ደንበኛ የራሱን ጨርቅ ይዞ መጥቶ ማሰፋት ይችላል። ጥቅሉ ተከበረ።

ሁለተኛው የሰው ጨርቅ ነው። እያንዳንዱ ላይ በስፒል የተያያዘ ወረቀት አለ፤ ስም፣ የደረትና የወገብ ልክ፣ የተከፈለ ቀብድ ተጽፎበታል። አንዱ ለሰርግ የታዘዘ የሐበሻ ቀሚስ ነበር። ወኪሉ «ሱቁ ውስጥ የተገኘ ሁሉ የእሱ ነው» አለ። እኔ ማን የምን ባለቤት እንደሆነ የመወሰን ሥልጣን የለኝም። እንዲያም ሆኖ ወረቀቱ እያለ ዝም ብሎ መጫን አይሆንም። ከነወረቀቱ ለብቻው ዘርዝሬ በባለአደራ እንዲቆይ አደረግኩ፤ ለደንበኞቹም እንዲነገራቸው ልብስ ሰፊውን አደራ አልኩት።

የቀሚሱ ባለቤት በማግስቱ ደረሰኟን ይዛ መጣች። በዚሁ ሕግ ቁጥር 418 መሠረት የተከበረው ንብረት የእኔ ነው የሚል ሰው ፍርዱን ላስፈጸመው ፍርድ ቤት አቤቱታና ማስረጃውን ያቀርባል። ችሎቱ አጣርቶ ይለቀቅ ወይም አይለቀቅ ይላል። ይህ አቤቱታ መቅረብ ያለበት ከሐራጁ በፊት ነው። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ፣ ዕቃው ተሽጦ ገዢ እጅ ከገባ በኋላ ነው የሚሯሯጠው። ያን ጊዜ ነገሩ በጣም ይከብዳል። የሴትየዋ ቀሚስ ተለቀቀላት።

ቤቱ ስንሄድ ሥራው ቀላል ነበር። ልብስ፣ አልጋና ፍራሽ፣ ምጣድና ድስት ለቤተሰቡ የዕለት ኑሮ የግድ ስለሆኑ አይነኩም። ማዕድ ቤቱ ውስጥ ግማሽ ኩንታል ያህል ጤፍ ነበር። ወኪሉ እሱንም ሊያስመዝግብ ፈለገ። ሕጉ ግን ለባለዕዳውና ለቤተሰቡ ለሦስት ወር የሚበቃ ምግብና ገንዘብ ይተዋል። ለአምስት ሰው ቤተሰብ ያ ጤፍ ሦስት ወር አይደርስም። ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁና ሶፋው ግን ተከበሩ። የፍሪጁ ነገር በየቤቱ ያከራክራል። መድኃኒት የሚቀመጥበት ቢሆን ኖሮ ይህንኑ መዝግቤ ለችሎት አቀርብ ነበር። እዚህ ቤት ግን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ችሎቱ ሁለቱ የስፌት መኪናዎች እንዳይነኩ አዘዘ፤ የተቀረው ተገምቶ በሐራጅ ተሸጠ። የተገኘው 69,000 ብር ነው። 27,000 ቀረ።

ነጋዴዋ ቢሮ መጥታ፣ «እንግዲህ የመምህሩ ደመወዝ ሙሉ በሙሉ ይቆረጥልኝ» አለች። ተናዳለች፤ ገንዘቧን ካጣች ቆይታለች፣ አልፈረድኩባትም። «እትዬ፣ ከደመወዝ የሚከበረው ሲሶው ብቻ ነው፤ ሁለት ሦስተኛው አይነካም» አልኳት። ደመወዙ 9,000 ብር ነው፤ ስለዚህ በወር 3,000 እንዲቆረጥ ለትምህርት ቤቱ ትእዛዝ ተጻፈ። እግረ መንገዴን ልበል፤ ሕጉ የቀን ገቢው ከሁለት ብር የማይበልጥ ሰው ደመወዙ በሙሉ አይነካም ይላል። በ1958 ይህ ድሃውን በደንብ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ግን በቀን ሁለት ብር የሚከፈለው ሠራተኛ የለም። ይህ ቁጥር ቢሻሻል እወዳለሁ፤ በዝቅተኛ ደመወዝ ላይ ሲሶ ሲቆረጥ ቤት እንዴት እንደሚጎዳ በየወሩ አያለሁ።

ከመምህሩ አራት ወር ተቆረጠ። ከዚያ የትምህርት ቤት መክፈቻ ደረሰ። ልብስ ሰፊው የተማሪ ዩኒፎርም በትእዛዝ ሲሰፋ ከርሞ የቀረውን 15,000 ብር አንድ ጊዜ ገቢ አደረገ። ደረሰኙን ከመዝገቡ ጋር አያይዤ የደመወዝ ቆረጣው እንዲቆም ለትምህርት ቤቱ የሚላከውን ደብዳቤ አዘጋጀሁ። መዝገቡም ተዘጋ።