በሐዋሳ የመንትዮችን ቁመት ስለካ የተሳሳትኩባቸው ሁለት ቦታዎች

የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌን በሐዋሳ ስሠራ የያዝኩት ጥያቄ ቀላል ይመስል ነበር፤ በልጆች መካከል ከሚታየው የቁመት ልዩነት ምን ያህሉ ከዘር፣ ምን ያህሉ ከአኗኗር ይመነጫል? ለዚህ ጥያቄ መንትዮች የሚመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከአንድ እንቁላል የተከፈሉ ተመሳሳይ መንትዮች ዘረመላቸው አንድ ሲሆን፣ ከሁለት እንቁላል የተፀነሱት ግን እንደማንኛውም ወንድምና እህት፣ ከሰው ሰው ከሚለያየው ዘረመል በአማካይ ግማሹን ብቻ ይጋራሉ። ሁለቱም ዓይነት ጥንዶች በአንድ ማሕፀን አድረው፣ በአንድ ቀን ተወልደው፣ ከአንድ መሶብ እየበሉ ያድጋሉ። ስለዚህ ተመሳሳዮቹ በቁመት ከሌሎቹ ይበልጥ የሚቀራረቡ ከሆነ፣ ትርፉ መቀራረብ የመጣው ከተጨማሪው ግማሽ ዘረመል ነው፤ የዘረመሉን ሙሉ ድርሻ ለማግኘትም ያንኑ ትርፍ በሁለት ማባዛት ነው። ስሌቱ በስኮትላንዳዊው የዘረመል ሊቅ በዳግላስ ፋልኮነር ስም ይታወቃል።

```
h² = 2(rMZ − rDZ)
c² = 2rDZ − rMZ
e² = 1 − rMZ
```

እዚህ ላይ rMZ የተመሳሳዮቹ፣ rDZ የሌሎቹ የቁመት ተዛምዶ ነው፤ ተዛምዶ የምለው የጥንዶቹ ቁመት ምን ያህል አብሮ እንደሚሄድ የሚያሳየውን ቁጥር ነው፤ ወደ 1 በቀረበ ቁጥር መንትዮቹ ይበልጥ ይቀራረባሉ። የመጀመሪያው መስመር የዘረመልን ድርሻ፣ ሁለተኛው መንትዮቹን የሚያቀራርባቸውን የጋራ አካባቢ፣ ሦስተኛው ደግሞ አንዱን ብቻ የነካውን ሁሉ ይሰጣል፤ ሕመም፣ የምግብ ፍላጎት ማነስና የእኔው የአለካክ ስሕተት የሚገቡት በዚህ በመጨረሻው ነው።

መንትዮቹን ያገኘሁት በትምህርት ቤቶች መዝገብና በእናቶች ጥቆማ ነው። ዓይን ይበላቸዋል ብለው ልጆቻቸውን ጎን ለጎን ለማቆም ያልፈቀዱ እናቶች ነበሩ፤ እነሱን አልተጫንኳቸውም። በመጨረሻ ከ7 እስከ 15 ዓመት የሆናቸው 48 ጥንዶች በእጄ ገቡ። ጫማ አስወልቄ፣ ተረከዛቸውን ግድግዳ አስነክቼ፣ እያንዳንዳቸውን ሁለት ጊዜ ለካሁ። በተለያየ ፈረቃ የሚማሩትን መንትዮች ቅዳሜ ጠዋት አብረው እንዲመጡ ማድረግ ነበረብኝ፤ ሰው ከጠዋት ይልቅ ከሰዓት በኋላ በጥቂቱ ያጥራልና።

የመጀመሪያው ስሌቴ ያወጣው ውጤት አስደነገጠኝ። ሁለቱም ተዛምዶዎች ከ0.9 በላይ ሆነው ልዩነታቸው እዚህ ግባ የማይባል ነበር። ቀመሩን አምኜ ብጽፍ ኖሮ፣ የሐዋሳ ልጆች ቁመት ከዘር ጋር ምንም ያህል አይገናኝም፣ ሁሉም ነገር የቤት አያያዝ ነው ብዬ አርፌው ነበር። ጥፋቱን ያየው አማካሪዬ ነው። ሠንጠረዡን ተመልክቶ፣ «ዕድሜውን የት አደረስከው?» አለኝ። መንትዮች ምንጊዜም እኩያ ናቸው፤ የ7 ዓመት ልጅ መንትያው አጭር፣ የ15 ዓመቱ ደግሞ መንትያው ረጅም መሆኑ አይቀርም። ዕድሜ ሁለቱንም ዓይነት ጥንዶች እኩል ስለሚያቀራርብ፣ በስሌቱ ውስጥ የጋራ አካባቢን ካባ ለብሶ ይገባል። ጾታም የራሱ ጣጣ አለው፤ ወንድና ሴት የሆኑ ጥንዶች ያሉት ከሁለት እንቁላል በተገኙት ወገን ብቻ ስለሆነ የዚያን ወገን ተዛምዶ ያለአግባብ ሊያወርድ ይችላል። መፍትሔው የእያንዳንዱን ልጅ ቁመት የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ባወጣው የዕድገት መለኪያ መሠረት በዕድሜውና በጾታው ካሉ ልጆች አንጻር ማስላት ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተዛምዶዎች ተራራቁ።

ሁለተኛው ስሕተት ግን እኔ ራሴ የዘራሁትና ለማየትም የሚያስቸግር ነበር። መንትዮቹን በዓይነት የለየሁት እናቶችን ጠይቄ ነው። አንዲት እናት ሁለት ሴት ልጆቿን አቁማ፣ «እነዚህ እንኳ አንድ አይደሉም፤ አዋላጇ እንግዴ ልጃቸው ሁለት ነው ብላኛለች» አለችኝ፤ እኔም «ከሁለት እንቁላል» ብዬ መዘገብኩ። እንዲህ ያለውን መልስ ከብዙ ቤት ሰምቻለሁ፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። እንቁላሉ ከተፀነሰ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገደማ ከተከፈለ፣ ተመሳሳይ መንትዮችም ለየራሳቸው እንግዴ ልጅ ይኖራቸዋል፤ ከተመሳሳይ መንትዮች ሲሶ ያህሉ እንዲህ ናቸው። በተቃራኒው ደግሞ የሁለት እንቁላል መንትዮች እንግዴ ልጅ ተጣብቆ አንድ ሊመስል ይችላል።

ስሕተቱን ያጋለጠልኝ ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ቫይንበርግ በ1901 ያቀረበው ቀላል ቆጠራ ነው። ከሁለት እንቁላል በሚገኙ መንትዮች የእያንዳንዱ ልጅ ጾታ በራሱ ዕጣ ስለሚወጣ፣ ከጥንዶቹ ግማሽ ያህሉ ወንድና ሴት፣ ግማሽ ያህሉ አንድ ጾታ ይሆናሉ። በእኔ መዝገብ ወንድና ሴት የሆኑት 16 ጥንዶች ስለነበሩ፣ አንድ ጾታ ሆነው ከሁለት እንቁላል የተገኙትም ወደ 16 መሆን ነበረባቸው። እኔ ግን 24 ጽፌያለሁ፤ «ተመሳሳይ» ያልኳቸው 8 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከ24ቱ ውስጥ 8 ያህል ተመሳሳዮች ተደብቀው ሊሆን ይችላል። ቆጠራው ጥርጣሬን ያስነሣል እንጂ የትኞቹ እንደሆኑ አይነግርም፤ እንዲያውም ለጥናት ፈቅደው የሚመጡት የሚመሳሰሉት ስለሚበዙ ቁጥሩ ሊዛባ ይችላል።

ይህ መቀላቀል ስሌቱን ምን እንደሚያደርገው ለማየት ክብ ቁጥሮች ልውሰድ። እውነተኛው rMZ 0.90፣ rDZ 0.50 ቢሆን፣ የዘረመል ድርሻ 0.80፣ የጋራ አካባቢ 0.10 ይወጣል። አሁን ከሁለት እንቁላል ናቸው በተባሉት ውስጥ ሲሶዎቹ በእውነቱ ተመሳሳይ ቢሆኑ፣ የዚያ ወገን ተዛምዶ ወደ 0.63 ከፍ ይላል። የዘረመል ድርሻ ወደ 0.54 ይወርዳል፣ የጋራ አካባቢ ወደ 0.36 ያድጋል። አንድም ልጅ ስሕተት ሳይለካ፣ አንድም ማዕድ ሳይለወጥ፣ በመዝገብ ላይ ያለ የምልክት ስሕተት ብቻውን «አካባቢ» ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው።

ለዘረመል ምርመራ ገንዘብ ስላልነበረኝ እየዞርኩ እናቶችን በሌላ መንገድ ጠየቅኩ፤ በልጅነታቸው አንቺ ራስሽ አንዱን ከሌላው መለየት ያቅትሽ ነበር? መምህራንስ? እንግዳ ሰውስ? ከዘረመል ምርመራ ጋር ሲመሳከሩ እነዚህ ጥያቄዎች ከመቶ ወደ 95 የሚሆኑትን ጥንዶች በትክክል ይለያሉ። ከ24ቱ ጥንዶች 7ቱ ወደ ተመሳሳዮቹ ተሻገሩ። ባለ ሁለት እንግዴ ልጇ እናትም ሳቅ ብላ፣ «አባታቸው እስካሁን ይሳሳታቸዋል፤ እኔም ጆሮ ጉትቻቸውን አይቼ ነው» አለችኝ።

ከዚህ በኋላ የቀረው የቁጥር ማነስ ነው። በ15 ተመሳሳይና በ33 ሌሎች ጥንዶች ሲሠራ፣ ቀመሩ ልዩነቱን በሁለት ሲያባዛ ስሕተቱንም በሁለት ያባዛል፤ ከላይ ባሉት ክብ ቁጥሮች 0.80 የሚለው ውጤት ወደ ላይም ወደ ታችም በ0.5 ገደማ ሊዋልል ይችላል። ስለዚህ በጽሑፌ ላይ አንዱን ቁጥር ብቻውን አላስቀመጥኩም፤ ከነወሰኑ ጻፍኩት፤ ሠንጠረዡንም ከምደባው እርማት በፊትና በኋላ ጎን ለጎን አቀረብኩ።

የልኬቱን ወረቀት ስሰጣት ያችው እናት፣ «ታዲያ ልጄ፣ ቁመታቸው ከእኔ ነው ወይስ ከምግቡ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እትዬ፣ ቁጥሩ በልጆች መካከል ስላለው ልዩነት እንጂ ስለ አንድ ልጅ ቁመት አይናገርም፤ ሁሉም ልጆች እኩል ቢመገቡ የምግቡ ልዩነት ስለሚጠፋ የዘሩ ድርሻ ይጨምራል፣ ማንም ግን ምግብ አላስፈለገውም ማለት አይደለም» አልኳት። ወረቀቱን አጥፋ፣ «እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ፤ የትኛዋ ረዘመች?» አለችኝ። ልዩነታቸው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ነበር፤ እሱም ከመለኪያዬ ስሕተት ብዙ የሚበልጥ አልነበረም።